ቀለም ሳይቆጥሩ መፍረድ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1971 በኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው የአቲካ እስር ቤት እስረኞች አመፁ። አመፁ በኃይል እስኪሰበር ድረስና ከዚያም በኋላ የሞተው ሰው በጠቅላላው 43 ደረሰ። ታይም መጽሔት ስለ ጉዳዩ ባወጣው ዘገባ በእስረኞቹ ዘንድ የተገኘ አንድ ግጥም ጠቀሰ። የግጥሙን ደራሲ «ስሙ ያልታወቀ እስረኛ» አደረገው። ግጥሙ ልብ ይነካል፣ ነገር ግን ያልተገራ ጥሬ ሥራ ነው የሚል ፍርድም ሰጠበት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ግጥሙ የእስረኛ ሥራ አልነበረም። ጃማይካዊው ክላውድ መኬይ ከዚያ 52 ዓመት ቀደም ብሎ ያሳተመው «ኢፍ ዊ መስት ዳይ» የተባለ ሶኔት ነው፤ በአማርኛ «መሞታችን ካልቀረ» እንደማለት ነው። ስህተቱን ለመጽሔቱ ጽፋ ያረመችው ገጣሚዋ ግዌንደሊን ብሩክስ ነበረች።

የደራሲን ስም አለማወቅ ይቅር ይባላል፤ ማንም ሰው ሁሉንም አያውቅም። ይቅር የማይባለው ፍርዱ ነው። ከግጥሙ የመጀመሪያዎቹን አራት ስንኞች ብቻ ያየ ሰው እንኳ ጣቱን ዘርግቶ ቢቆጥር በእያንዳንዱ ስንኝ አሥር ቀለም ያገኛል። አንደኛው ስንኝ ከሦስተኛው፣ ሁለተኛው ከአራተኛው ጋር ቤት ሲመቱም ይሰማል። እንዲህ ተለክቶ የተሠራ ነገር «ያልተገራ» ሊባል የሚችለው ማንም ሳይቆጥረው ሲቀር ነው። ዘጋቢው ቁጣውን ሰማ፣ የተናጋሪዎቹን ማንነት አየ፣ ከዚያ የቀረውን ከራሱ ግምት ሞላው።

ይህ በሽታ የአንድ መጽሔት ብቻ አይደለም። ዛሬም ስለ ፖለቲካ ግጥም የሚከራከሩ ሁለት ወገኖች ይህንኑ ስህተት በሁለት አቅጣጫ ይደግሙታል። አንደኛው ወገን «ዋናው መልእክቱ ነው፤ ምጣኔውና ቤቱ ጌጥ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሶኔት የገዢዎች ቅርጽ ነው፤ ጥቁር ገጣሚ በእሱ መጻፉ ለጌታው ማጎንበስ ነው» ይላል። ሁለቱም ግጥሙን ሳይቆጥሩ ይፈርዳሉ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከቆጠራው መጀመር ይሻላል።

▪️ ግጥሙ ከየት መጣ?

ወቅቱ እ.ኤ.አ. የ1919 በጋ ነው። አሜሪካኖች «ቀዩ በጋ» ይሉታል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት አብቅቶ ወታደሮች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የነጭ መንጋዎች በጥቁር ነዋሪዎች ላይ ዘመቱ። በቺካጎ ብቻ ሐምሌ 27 በጀመረው ግጭት 38 ሰው ሞተ፤ 23ቱ ጥቁሮች ነበሩ።

መኬይ በዚያ ጊዜ በባቡር ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነበር። ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄደው በባቡር ነው፤ ሲወርድ በየጣቢያው ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ግጥሙን ለሥራ ባልደረቦቹ አነበበላቸው። «ሊበሬተር» የተባለው መጽሔት በሐምሌ እትሙ አወጣው። በግጥሙ ውስጥ አሜሪካ የሚል ቃል የለም፤ ጥቁር፣ ነጭ የሚልም የለም። ያለው «እኛ»፣ ጠላትና ሞት ነው።

▪️ እንዴት ይቆጠራል?

የአማርኛ አንባቢ ቀለም መቁጠር ያውቃል። የወል ቤት ስንኝ ስድስት ቀለም፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ስድስት ቀለም ነው። ሰንጎ መገን አምስት በአምስት ነው። የእንግሊዝኛ ሶኔት ግን ከቁጥሩ በላይ ሌላ ነገር ይጠይቃል። እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ድምፅ ከፍ የሚልበት ቀለም አለው፤ ሌሎቹ ዝቅ ይላሉ። በሶኔት ውስጥ የተለመደው ምት አንድ ዝቅ፣ አንድ ከፍ እያለ አምስት ጊዜ የሚሄድ ነው። አምስት ጥንድ፣ አሥር ቀለም ማለት ነው።

የግጥሙ ርእስ ራሱ የዚህ ምት ናሙና ነው። «ኢፍ ዊ መስት ዳይ» በእንግሊዝኛ አራት ቀለም ነው፤ «ኢፍ» ዝቅ፣ «ዊ» ከፍ፣ «መስት» ዝቅ፣ «ዳይ» ከፍ። ከፍ ያሉት የትኞቹ ናቸው? «እኛ» እና «መሞት» ናቸው። «ከሆነ» የሚለው ጥርጣሬና «ግድ» የሚለው አስገዳጅነት በዝቅታ ያልፋሉ። ርእሱ ገና ሲነበብ ሁለቱ የሚደምቁ ነገሮች ማን እንደሚሞትና መሞቱ ናቸው። ይህን የሚያደርገው ትርጉሙ ብቻ አይደለም፤ ምቱም ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ስንኙን እንደ ተራ ንግግር ማንበብ ነው፤ እንደ ሕፃናት መዝሙር እየወዘወዙ ያነበቡ እንደሆነ የሌለ ምት ይፈጠራል። ቀጥሎ ከአንድ ቀለም በላይ ያላቸው ቃላት የትኛው ቀለማቸው ከፍ እንደሚል ማየት ነው፤ ይህ በመዝገበ ቃላት የተወሰነ ስለሆነ አያከራክርም። ከዚያ በኋላ ብቻ አንድ ቀለም ያላቸውን ትናንሽ ቃላት መሙላት ነው። በመጨረሻ ስንኙ ከተለመደው ዝቅ ከፍ የወጣበትን ቦታ መፈለግ ነው። ትርጉም ብዙውን ጊዜ የሚደበቀው ከሕጉ በወጣው ቦታ ላይ ነው።

▪️ አጥንቱ

መኬይ የመረጠው በሼክስፒር ስም የሚጠራውን የሶኔት ዓይነት ነው። አራት አራት ስንኝ ያላቸው ሦስት አርኬዎችና በመጨረሻ ሁለት ስንኝ አሉት። ቤት አመታቱ በፊደል ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

ሀ ለ ሀ ለ
መ ሰ መ ሰ
ረ ቀ ረ ቀ
በ በ

አሁን ይህ አጥንት ምን እንደተሸከመ እንይ። የመጀመሪያው አርኬ «መሞታችን ካልቀረ» ብሎ ተነሥቶ እንዴት መሞት እንደማይገባ ይናገራል፤ እንደታደኑና እንደተዘጋባቸው አሳማዎች፣ የተራቡ ውሾች እየጮሁባቸው መሞት አይገባም ይላል። ሁለተኛው አርኬ ያንኑ «መሞታችን ካልቀረ» ደግሞ ያነሣና እንዴት መሞት እንደሚገባ ይናገራል። ሦስተኛው አርኬ ሲጀምር «ካልቀረ» ጠፍቷል። ገጣሚው ወገኖቹን ጠርቶ ጠላትን መግጠም ግድ ነው ይላቸዋል። በርእሱ ላይ «ግድ» የተባለው መሞት ነበር፤ በዘጠነኛው ስንኝ ላይ ግን ያው የእንግሊዝኛ ቃል «መስት» መሞትን ለቆ መግጠምን ይይዛል።

የግጥሙ ክርክር በሙሉ ይህ ነው። ሰዎቹ ያሉበት ሁኔታ አልተለወጠም፤ ሞቱ አሁንም አለ፣ መቃብሩም ተከፍቶ ይጠብቃል። የተለወጠው ግዴታው ነው። ይህ ለውጥ የደረሰው ደግሞ የሶኔት አንባቢ ለውጥ በሚጠብቅበት በዘጠነኛው ስንኝ ላይ ነው። ቅርጹን የማያውቅ ሰው ይህን መዞሪያ እንደ አንድ ተጨማሪ ፉከራ ያልፈዋል።

ቤቶቹም ሥራ ፈት አይደሉም። በመጀመሪያው አርኬ «አሳማዎች» እና «ውሾች» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ቤት ይመታሉ። ታዳኙና አዳኙ በአንድ ድምፅ ታስረዋል፤ ሁለቱም እንስሳ ናቸው። በአሳማ ሞት የሚሞት ሰው ከአሳዳጁ ጋር በአንድ ጉረኖ ይገባል እንደማለት ነው። በሁለተኛው አርኬ «መሞት» ማለትም «ዳይ» ቤት የሚመታለት ቃል ያገኛል፤ ቃሉም «ዲፋይ» ነው፣ አለመንበርከክ። በድምፅ ብቻ ሲሰማ ሁለተኛው ቃል የመጀመሪያውን በሆዱ ይዞታል። መሞትን ሳይክድ አልገዛም ይላል። ይህን አንድ ድርሰት በሦስት ገጽ ሊያስረዳው ይችላል፤ ቤቱ ግን በአንድ ቀለም ጨረሰው።

▪️ ደሙ በስንኙ ጫፍ ላይ

ስድስተኛው ስንኝ የሚያልቀው «የከበረው ደማችን እንዳይፈስ» በሚል ሐሳብ ላይ ነው። አንባቢው በስንኙ ጫፍ ላይ ለአፍታ ይቆማል። በዚያች አፍታ የሚሰማው ተስፋ ነው፤ ደም ላይፈስ ነው ማለት ነው። ሰባተኛው ስንኝ ሲጀምር ግን ዐረፍተ ነገሩ ይቀጥልና «በከንቱ» የሚል ቃል ይመጣል። ደሙ መፍሰሱ አልቀረም። የቀረው በከንቱ መፍሰሱ ብቻ ነው።

ሐሳቡ በአንድ ስንኝ ውስጥ ቢያልቅ ኖሮ ይህ ተስፋና ይህ ስብራት አይኖሩም ነበር። በተራ ጽሑፍ «ደማችን በከንቱ እንዳይፈስ» ቢባል አንባቢው ሳይደናቀፍ ያልፋል። እዚህ ግን የስንኙ ድንበር አንባቢውን መጀመሪያ ያሳሳዋል፣ ከዚያም ያርመዋል። በባቡር ጣቢያ ወርዶ «ዛሬ ሰላም ነው» ብሎ ያሰበ፣ ከዚያም ወደ መንገዱ የዞረ ሰው የሚያውቀው ስሜት ነው።

▪️ የመጨረሻው ስንኝ

የግጥሙ የመጨረሻ ሁለት ስንኞች ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ፈሪውንና ነፍሰ ገዳዩን መንጋ እንደ ሰው እንጋፈጠዋለን፤ ከግድግዳ ተጣብቀን፣ እየሞትን፣ ግን መልሰን እየተዋጋን።

የመጨረሻው ስንኝ ምት ሲቆጠር እንዲህ ይወጣል፦

ከፍ ዝቅ / ዝቅ ከፍ / ከፍ ዝቅ / ዝቅ ከፍ / ዝቅ ከፍ

ከአምስቱ ጥንዶች ሁለቱ ተገልብጠዋል። የመጀመሪያው ከግድግዳ ጋር መጣበቅን በሚናገረው ቦታ ላይ ነው። ሁለተኛው የተገለበጠ ጥንድ «እየሞትን» የሚለው ቃል ራሱ ነው፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ይወድቃል። ከእሱ በኋላ ያሉት ሁለት ጥንዶች፣ «ግን መልሰን እየተዋጋን» የሚለውን የያዙት፣ ወደ ተለመደው ምት ተመልሰው ይነሣሉ። ስንኙ በመሞት ይወድቃል፣ በመዋጋት ይቆማል። ሰዎቹ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ምቱ ራሱ ያሳያል።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ ይሆን? ማስረጃው ከግጥሙ ሌላ ጫፍ ይገኛል። ሁለተኛው ስንኝ፣ ስለታደኑትና ስለተዘጋባቸው የሚናገረው፣ በዚሁ ምት ነው የሚጀምረው፦ ከፍ ዝቅ፣ ዝቅ ከፍ። በሁለቱም ስንኞች መነሻ ላይ ያሉት ቃላት መከበብን የሚናገሩ ናቸው፤ በአንደኛው ጉረኖ፣ በሌላው ግድግዳ። በሁለተኛው ስንኝ ግን ዐረፍተ ነገሩ ክብር በሌለው ቦታ ላይ ተዘግቶ ይቀራል። በአሥራ አራተኛው ከዚያው ከበባ ተነሥቶ በውጊያ ያበቃል። አንድ መነሻ፣ ሁለት መጨረሻ። ግጥሙ የተጓዘው መንገድ በእነዚህ ሁለት ስንኞች መካከል ያለው ርቀት ነው።

የቅደም ተከተሉን ክብደት ለማየት ቃላቱን ማቀያየር ይበቃል። «እየሞቱ መዋጋት» እና «እየተዋጉ መሞት» በአማርኛም አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የሐዘን መግለጫ ነው፤ የመጀመሪያው ገና አላለቀም።

ቤቱም በዚሁ ቦታ ባህርዩን ይለውጣል። በሦስቱ አርኬዎች ውስጥ እያንዳንዱ ቤት መልሱን ለማግኘት አንድ ስንኝ መጠበቅ ነበረበት። በመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች መጠበቁ ያበቃል። የአሳዳጁ «መንጋ» ስንኙን ሲዘጋ «መልሶ» የሚለው ቃል ወዲያው በቀጣዩ ስንኝ ጫፍ ይመልስለታል። ምት ለምት ማለት ይህ ነው።

▪️ ያበዙት ደግሞ

እዚህ ላይ የቅርጽ ወዳጆችም መገሠጽ አለባቸው። ዝቅ ከፍ የሚለው ምት የልብ ትርታ ነው፣ እያንዳንዱ የተገለበጠ ጥንድ ግርግር ነው የሚሉ ትንታኔዎች ብዙ ናቸው። በእንግሊዝኛ ሶኔት የስንኝ የመጀመሪያ ጥንድ መገልበጡ እጅግ የተለመደ ነው፤ ስለ አበባ በሚያወሩ ግጥሞችም ይገለበጣል። ምት ብቻውን ትርጉም የለውም። ያው ዝቅ ከፍ ፍቅርም፣ ሐዘንም፣ ቀልድም ተሸክሞ ያውቃል።

መለያው ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ከሕጉ መውጣቱ ቃሉ ከሚለው ነገር ጋር ይገናኛል? ሁለተኛ፣ በግጥሙ ውስጥ ሌላ ቦታ የሚመልስለት አቻ አለው? የአሥራ አራተኛው ስንኝ መነሻ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ልማድ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ክብደት የሰጠው ከሁለተኛው ስንኝ ጋር መጣመሩ ነው። ሁለቱን ጥያቄ የማያልፍ ትንታኔ የተንታኙን ብልሃት እንጂ የግጥሙን ሥራ አያሳይም።

▪️ «የጌታው ቅርጽ»

አሁን ለሁለተኛው ወገን መልስ መስጠት ይቻላል። ሶኔት በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች ማደጉ እውነት ነው። መኬይም በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ትምህርት ያለፈ ሰው ነው። ከዚህ ተነሥቶ «አጎነበሰ» ማለት ግን ግጥሙ የሚናገርበትን ሁኔታ መርሳት ነው። የ1919 ጋዜጦች ብዙዎቹ ጥቁሩን በቀላሉ የሚቆጣና ራሱን መግዛት የማይችል አድርገው ይስሉት ነበር። በአንጻሩ መንጋው መንገድ ላይ እየጮኸ ነበር። መኬይ ቁጣውን በአሥራ አራት ስንኝ፣ በአሥር አሥር ቀለም ለክቶ አስቀመጠው። ራሱን መግዛት ያቃተው ማን እንደሆነ ሳይናገር አሳየ። በግጥሙ ውስጥ መንጋው «ውሾች» ነው፤ «እኛ» የሚለው ወገን ደግሞ እያንዳንዱን ቃል የሚመዝን ሰው ነው።

ይህ ክርክር ልቅ በሆነ ግጥም ሊቀርብ አይችልም ነበር። ልቅ ግጥም ቢሆን ኖሮ የታይም ዘጋቢ «ያልተገራ» ሲል ቢያንስ የሚያመካኝበት ያገኝ ነበር።

▪️ ወደ አማርኛ ሲመጣ

መኬይ ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ አይደለም። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ጊዜ የሃርለም ጥቁሮች ስላደረጉት የድጋፍ እንቅስቃሴ ልቦለድ ጽፏል፤ የተጻፈው በ1941 ሲሆን የታተመው ግን በ2017 ነው። ስለዚህ ይህን ሶኔት ወደ አማርኛ መመለስ የሚፈልግ ሰው ቢነሣ አያስገርምም። አደጋው ግን አለ።

የመጀመሪያው አደጋ የእኛው ልማድ ነው። የአማርኛ ግጥም አብዛኛውን ጊዜ ጎን ለጎን ባሉ ስንኞች ቤት ይመታል። ተርጓሚው አሥራ አራቱንም በጥንድ ቤት ቢመታቸው የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ከቀሩት አይለዩም። መጠበቁ ስለሌለ የመልሱ ፍጥነት አይሰማም። ሁለተኛው አደጋ ግሥ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ መውደቁ ነው። «እንሙት» ከ«እንዝመት»፣ «እንቁም» ከ«እንግጠም» እያለ የግሥ ጅራት ብቻ ቤት ቢመታ ቤቱ የሰዋስው እንጂ የሐሳብ ግጥሚያ አይሆንም። በእንግሊዝኛው «መሞት» ያገባው «አለመንበርከክን» ነበር፤ እንደዚያ ያለ ጋብቻ መፈለግ ይኖርበታል።

ሁሉን ማዳን አይቻልም። የዝቅ ከፍ ምት አማርኛ ውስጥ የለም፤ በግድ ቢያስገቡት ያነክሳል። ነገር ግን አሥራ አራቱን ስንኝ፣ እየተጠባበቁ የሚመቱትን አሥራ ሁለት ስንኞችና ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለቱን፣ በዘጠነኛው ስንኝ ላይ የሚጠፋውን «ካልቀረ»፣ በስንኝ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ደም፣ በመጨረሻም «መዋጋት» የሚለው ቃል ከ«መሞት» በኋላ መምጣቱን ማዳን ይቻላል። እነዚህን ጥሎ «መልእክቱን ተርጉሜያለሁ» የሚል ሰው የተረጎመው ፉከራውን ነው። ፉከራ ደግሞ በአማርኛ ሞልቷል።

የአቲካው ግጥም ተጥሎ የተገኘ ወረቀት መስሎ የታየው ቃላቱ ስለደከሙ አልነበረም። በእስረኛ እጅ ስለተገኘ ማንም ይለካዋል ብሎ አላሰበም። ግጥም ላይ የሚፈርድ ሁሉ፣ አድናቂም ይሁን ነቃፊ፣ ከመፍረዱ በፊት የሚጠየቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ጣቱን ዘርግቶ እስከ አሥር ይቁጠር።